የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ለእንጀራ ጋጋሪዎች፦ ገበያው እውነት 3.4 ቢሊዮን ብር ነው?

ሞተረኛው · ጥር 6፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ጓደኛዬ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለን። አምና ለአንዲት ዘመዳችን የጤፍ ሊጥ የሚያቦካ ማሽን ሠራንላት። 50 ኪሎ ዱቄት በ20 ደቂቃ ያቦካል። ወደዳችው፤ ጎረቤቶቿም እየመጡ ያዩታል። እኛም ለምን አምርተን አንሸጥም አልን። ዋጋው 85 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል።

ብድር ስንጠይቅ የቢዝነስ ፕላን አምጡ ተባልን። ፎርሙ ላይ «የገበያው መጠን» የሚል ሳጥን አለ። በከተማው ስንት እንጀራ ጋጋሪ እንዳለ የሚናገር ወረቀት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ እንዲህ አሰላሁ፦

አዲስ አበባ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው አላት። አንድ ሰው በቀን 2 እንጀራ ቢበላ 8 ሚሊዮን እንጀራ ነው። አንድ ጋጋሪ በቀን 200 ብትጋግር 40 ሺህ ጋጋሪ አለ ማለት ነው። ያንን በ85 ሺህ ብር ሳባዛው 3.4 ቢሊዮን ብር ወጣ። ከዚህ 1 በመቶ ብናገኝ እንኳ 34 ሚሊዮን ብር ነው።

ጓደኛዬ «ይሄ ይበቃናል» ብሎ እንቅልፉን ተኛ። እኔ ግን ቁጥሩ ራሱ አስፈራኝ። የት ጋ ነው የሳትኩት?

---

የመርካቶ ልጅ · ጥር 6፣ ከምሽቱ 3:05

ብሮ፣ መጀመሪያ የሕዝብ ቁጥርህን አስተካክል። ከ1999 ዓ.ም ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። 4 ሚሊዮን የሚሉት ግምት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው የሚለው። በ5 ሚሊዮን ብታሰላው ከ4 ቢሊዮን ብር ያልፍልሃል።

ሁለተኛ፣ የጉምሩክ ዳታ ፈልግ። የዳቦና የምግብ ማሽኖች በ8438 ቁጥር ነው የሚገቡት። በዓመት ስንት እንደገባ ካወቅህ ገበያውን አወቅህ ማለት ነው። እኔ ኤምቢኤ ስማር እንደዚህ ነው የሠራነው። 1 በመቶ ማለትህ ጥሩ ነው፤ ኮንሰርቫቲቭ ነው፤ ባንኮች ይወዱታል።

---

ከቨርጂኒያ · ጥር 6፣ ከምሽቱ 4:30

እዚህ አሌክሳንድሪያ አካባቢ እንጀራ በየሀበሻ ሱቁ ነው የሚሸጠው፤ ገበያው አስተማማኝ ነው። ጥሩ የማይደርቅ እንጀራ ከሆነ በአውሮፕላን ልካችሁ ትሸጣላችሁ። እኔ ላከፋፍላችሁ እችላለሁ። በውስጥ መስመር አናግረኝ።

---

ቁጥር አልወድም · ጥር 6፣ ከምሽቱ 4:41

ወንድም ከቨርጂኒያ፣ ሰውዬው የሚሸጠው ማሽን ነው እንጂ እንጀራ አይደለም 😀

---

ሚዛን ጠባቂ · ጥር 7፣ ከጠዋቱ 1:20

ሞተረኛው፣ ቁጥሩ ያስፈራህ በከንቱ አይደለም። እኔ ከ10 ዓመት በላይ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ የሸቀጥ ገበያ ስለካ ኖሬአለሁ። ከሕዝቡ ቁጥር ተነስተን ከላይ ወደ ታች ስንወርድ ሁላችንም የምንንሸራተተው እዚሁ አንተ የተንሸራተትክበት ቦታ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር ላይ አትጨቃጨቁ። 4 ይሁን 5 ሚሊዮን ልዩነቱ ሩብ ያህል ነው። የአንተ ስህተት ግን የሩብ አይደለም፤ የብዙ እጥፍ ነው። ትልቁ ቀዳዳ ሳይደፈን ትንሿን መድፈን ጊዜ ማባከን ነው።

ትልቁ ቀዳዳ የቱ ነው? 8 ሚሊዮኑን እንጀራ በሙሉ ለሽያጭ የተጋገረ አድርገህ ቆጠርከው። እናትህ ቤቷ የምትጋግረውም እዚያ ውስጥ አለ። እሷ የ85 ሺህ ብር ማሽን አትገዛም። ከዚያ የጋጋሪዎችን አማካይ 200 አልክ። በአማካይ የምታስብ ከሆነ 60 የምትጋግረውም 900 የምትጋግረውም እኩል ደንበኛ ይመስሉሃል። 50 ኪሎ በአንዴ የሚያቦካ ማሽን ለ60 እንጀራ ምን ያደርጋል?

ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነው። 40 ሺህ ጋጋሪ ቢኖር እንኳ በየዓመቱ 40 ሺህ ማሽን አይሸጥም። አንድ ማሽን ስንት ዓመት ያገለግላል? 5 ዓመት ካልክ በዓመት የሚገዛው አንድ አምስተኛው ነው፤ ያውም ሁሉም ገዝተው ሲያበቁ። ባንኩ ሊያውቅ የሚፈልገው በዓመት ስንት እንደምትሸጥ ነው።

«1 በመቶ» የሚለውንም አውጣው። ያ ቁጥር ከየት መጣ ቢሉህ መልስ የለህም። 1 በመቶ የሆኑት እነማን ናቸው? የት ሰፈር? ስማቸውን መጥራት ካልቻልክ ምኞት ነው።

የጉምሩኩ ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው። 8438 ውስጥ የዳቦውም የፓስታውም የሥጋውም ማሽን ተደባልቆ ነው ያለው። የጤፍ ሊጥ ብሎ የሚለይልህ የለም። እንዳንተ ያለ ወርክሾፕ የሠራው ደግሞ ጉምሩክን አያውቀውም። ከውጭ የሚገባው የዳቦ ማቡኪያ ዋጋ ስንት እንደሆነ ለማየት ይጠቅምሃል። ከዚያ አያልፍም።

አሁን ከታች ወደ ላይ ውጣ። አንድ ሰፈር ምረጥና ጋጋሪዎችን ቁጠር።

---

ሞተረኛው · ጥር 7፣ ከጠዋቱ 2:02

እህቴ አመሰግናለሁ። ግን እንዴት ነው የምቆጥራቸው? አብዛኞቹ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ታፔላ የላቸውም፤ ንግድ ፈቃድም የሌላቸው አሉ። ወረዳ ሄጄ ብጠይቅ የተመዘገቡትን ብቻ ነው የሚነግሩኝ።

---

ሚዛን ጠባቂ · ጥር 7፣ ከጠዋቱ 2:30

ጋጋሪዋ ግቢ ውስጥ ብትሆንም እንጀራው ይወጣል፣ ዱቄቱ ይገባል። በሁለቱም በር ቁም።

መጀመሪያ በሰፈሩ ያለ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ጋ ሂድና «ከማን ነው የምትቀበለው?» በል። ስሙን ወይም «ከቧንቧው ጀርባ ያለችው» የሚሉህን ጻፍ። ይህ አንድ ዝርዝር ነው። ከዚያ የሱቁን ዝርዝር ሳታሳይ ወፍጮ ቤቶቹ ጋ ሂድና «ለሽያጭ የሚጋግሩ ደንበኞቻችሁ እነማን ናቸው?» በል። ይህ ሁለተኛ ዝርዝር ነው። ከዚያ በሁለቱም ላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ ቁጠር።

ዓሣ አጥኚዎች ሐይቅ ውስጥ ያለውን ዓሣ የሚገምቱት በዚህ መንገድ ነው። ይይዛሉ፣ ምልክት አድርገው ይለቃሉ፣ ደግመው ይይዛሉ። በሁለተኛው ጊዜ ምልክት ያለው ብዙ ከሆነ ሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ ጥቂት ነው። ሁለቱን ዝርዝሮች አባዛና በጋራው አካፍል።

ቆጠራው እንዳያልቅብህ ሰፈሩ በእግር የሚዞር ይሁን። ስንት ቤተሰብ እንዳለበትም ማወቅ አለብህ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቀላል ነው፤ ብሎኮቹን ቆጥረህ በቤቶቹ ብዛት ታባዛለህ።

---

ወይዘሮ ምጣድ · ጥር 7፣ ከቀኑ 7:15

ልጄ፣ እኔ ጋጋሪ ነኝ። 14 ዓመት ሆኖኛል። በሁለት ምጣድ በቀን 300 እጋግራለሁ፤ አንዲት ሠራተኛ አለችኝ። ላንተ ማሽን 85 ሺህ አልሰጥም።

ንቄህ አይደለም። ማቡካት በቀን አንዴ ነው። ማታ እርሾውን ጨምረን እናቦካለን፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ እስኪቦካ ይጠበቃል፣ አብሲት ይጣላል፣ ከዚያ ነው ምጣድ ላይ የምቆመው። ምጣድ ላይ ነው ቀኑ የሚያልቀው። አንድ እንጀራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያ ሁሉ ቡኮ ይሆምጥብኛል። እኔን የቸገረኝ መብራትና ምጣድ ነው፤ ክንዴ ገና አልደከመም።

ደሞ በማሽን የተቦካ ዓይኑ አያምርም ይላሉ። እኔ አላየሁም፤ የሰማሁትን ነው።

---

የመርካቶ ልጅ · ጥር 7፣ ከቀኑ 8:00

እትዬ፣ እርስዎ አንድ ሰው ነዎት። አንድ ሰው ሳምፕል አይሆንም። ማርኬት ሳይዝ የሚሠራው በዳታ ነው።

---

ሚዛን ጠባቂ · ጥር 7፣ ከቀኑ 9:10

የመርካቶ ልጅ፣ እዚህ ላይ ትልቁን ዳታ ያመጡት እትዬ ናቸው።

ስሌቱን ተመልከቱ። አንድ ምጣድ በ3 ደቂቃ አንድ ቢያወጣ በሰዓት 20 ነው፣ በ10 ሰዓት 200። ስለዚህ በቀን 300 የሚጋግር ሰው ሥራው የሚታነቀው ምጣዱ ላይ ነው። ማቡኪያ ቢገዙ አንድ እንጀራ እንኳ አይጨምርላቸውም፤ የሚቆጥቡት የአንድ ሰዓት ድካም ነው። ማቡካቱ እንቅፋት የሚሆነው ምጣዱ ከበዛ በኋላ ነው። ሦስት አራት ምጣድ ካለ፣ ለማቡካት ብቻ ሰው የሚቀጠር ከሆነ፣ ያ ሰው ሲቀር ደግሞ የነገው ሥራ የሚቆም ከሆነ ያኔ ማሽን ይገዛል።

ስለዚህ ሞተረኛው፣ ስትዞር ጋጋሪውን ብቻ አትቁጠር። ምጣድ ቁጠር። «በቀን ስንት ትጋግሪያለሽ?» ስትላት ግብር ነው ብላ ትቀንስብሃለች። ምጣድ ግን አይደበቅም። የማን ክንድ እንደሚያቦካም ጠይቅ፦ የራሷ ነው ወይስ የቅጥር?

---

ቁጥር አልወድም · ጥር 7፣ ከምሽቱ 1:30

ይሄን ሁሉ ከምትዞር ሦስት ማሽን ሠርተህ ገበያ ላይ ብታስቀምጥስ? ከተሸጠ ተሸጠ። አባቴ ሱቅ ሲከፍት የገበያ ጥናት አልሠራም።

---

ሞተረኛው · ጥር 7፣ ከምሽቱ 1:52

ሦስት ማሽን ማለት 150 ሺህ ብር የሚሆን ብረትና ሞተር ነው ወንድሜ። እግሬ ርካሽ ነው። እዞራለሁ።

---

ሞተረኛው · ጥር 21፣ ከምሽቱ 3:15

ተመለስኩ። ሁለት ቅዳሜና አራት ከሰዓት ፈጀብኝ። የመረጥኩት ኮንዶሚኒየምና አሮጌ ሰፈር የተያያዙበትን ቦታ ነው፤ ወደ 6,000 ቤተሰብ አለበት።

እንጀራ የሚሸጡ 40 ሱቆች አገኘሁ። የሰፈሩን 24 ጋጋሪዎች ስም ሰጡኝ። ወፍጮ ቤቶቹ 18 ሰጡኝ። 12ቱ ሁለቱም ጋ አሉ። ስለዚህ 24 በ18 ሲባዛ፣ በ12 ሲካፈል 36 ጋጋሪ። በስም የማውቃቸው 30 ናቸው፤ ያላየኋቸው 6 ገደማ ናቸው ማለት ነው።

ከ30ዎቹ 7ቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ምጣድ አላቸው። በአማካይ በቀን 600 ያህል ይጋግራሉ። ቀሪዎቹ አንድ ወይም ሁለት ምጣድ ነው ያላቸው፤ ብዙዎቹ አንዱን ግማሽ ቀን ብቻ ስለሚጠቀሙበት በአማካይ 110 አካባቢ ነው።

አሁን ያሳቀኝን ልንገራችሁ። 7 ትልልቅ ጋጋሪ ለ6,000 ቤተሰብ ማለት ለ1,000 ቤተሰብ አንድ ትንሽ አለፍ የሚል ነው። ከተማው 1 ሚሊዮን ቤተሰብ ቢሆን 1,200 ገደማ ደንበኛ። 40 ሺህ ብዬ ነበር! በ5 ዓመት ሳካፍለው በዓመት 240 ማሽን፤ 20 ሚሊዮን ብር ገደማ። ያውም ሁሉም ከኔ ቢገዙ። ጓደኛዬን ቀስቅሼ ነገርኩት።

---

የመርካቶ ልጅ · ጥር 21፣ ከምሽቱ 3:40

ከ3.4 ቢሊዮን ወደ 20 ሚሊዮን? እንግዲያው ከታች የቆጠርከው ተሳስቷል ማለት ነው። ሁለቱ መንገዶች መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ አማካያቸውን ውሰድ።

---

ሚዛን ጠባቂ · ጥር 22፣ ከጠዋቱ 1:05

መገናኘት አለባቸው ያልከው ልክ ነው። አማካይ ውሰድ ያልከው ግን አደገኛ ነው። አንዱ ሰው ተራራው 4 ሺህ ሜትር ነው፣ ሌላው 100 ሜትር ነው ካለ 2,050 ሜትር የሚባል ተራራ የለም። አንዱ ተሳስቷል፤ የት እንደተሳሳተ ነው የሚፈለገው።

ሁለቱን ለማጋጨት በብር ሳይሆን በእንጀራ እናወራ። ሞተረኛው፣ ያንተ 7 ትልልቆች በቀን 4,200 ይጋግራሉ። 29ኙ ትንንሾች 3,200 ገደማ። ድምሩ 7,400። በሰፈሩ 6,000 ቤተሰብ ካለ ሰዉ 24 ሺህ ያህል ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ተገዝቶ የሚበላ እንጀራ 0.3 ብቻ ነው። አንተ ግን መጀመሪያ 2 ብለህ ነበር። ልዩነቱ የገባው የት ነው? ከውጭ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ እንጀራ አለ ወይ? ሱቆቹን ጠይቀሃል?

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሰፈሩን የምትጠይቀው ቀን ከሆነ ቤት የምታገኘው እቤቷ የምትጋግረውን ነው። ገዝቶ የሚበላው ሥራ ላይ ነው። እሑድ ወይም ማታ ሂድና ጥቂት ቤቶች አንኳኳ።

---

ሞተረኛው · የካቲት 1፣ ከምሽቱ 2:20

ሁለቱንም አደረግሁ።

ሱቆቹ በቀን በድምሩ 8,400 እንጀራ ይሸጣሉ። ከዚህ 3,600ው ከሰፈሩ ውጭ ነው የሚመጣው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሚኒባስ የሚያደርሱ አሉ፤ ብዙዎቹ ከከተማው ዳር ነው የሚመጡት። አንዱን ሹፌር አናገርኩት። ከአንድ ግቢ ብቻ በቀን 2,000 እንጀራ እንደሚያወጣ ነገረኝ። እዚያ ግቢ ስንት ምጣድ እንዳለ ሳልጠይቀው ሄደ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤቶቹን ደግሞ እሑድና ማታ ማታ አንኳኳሁ። 60 ቤት። 26ቱ ሁልጊዜ ይገዛሉ፣ 14ቱ አንዳንዴ፣ 20ዎቹ እቤት ይጋግራሉ። ከግማሽ በላይ ገዢ ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ሰዉን ቆጠርኩ። ሁልጊዜ የሚገዙት ቤቶች ውስጥ ያሉት 65 ሰዎች ብቻ ናቸው። ላጤዎች፣ ባልና ሚስት፣ አንድ ልጅ ያላቸው። እቤት የሚጋግሩት ግን 110 ሰው ናቸው፤ አንድ ቤት አያት፣ እናት፣ አራት ልጅና ሠራተኛ ነበር። አንዳንዴ ገዢዎቹ 56 ናቸው፤ ግማሹን ወሰድኩ። ስለዚህ ከ231 ሰው ገዝቶ የሚበላው 93 ነው፤ 40 በመቶ።

65ቱ ሰዎች በቀን የሚገዙት ደግሞ 78 እንጀራ ነው። ለአንድ ሰው 1.2። 2 እንጀራ ያልኩት ለካ የራሴን ሆድ ነው የለካሁት።

ስለዚህ ከላይ ስወርድ፦ 24 ሺህ ሰው፣ 40 በመቶው ገዢ፣ በቀን 1.2። ወደ 11,500 እንጀራ። ከታች ስወጣ፦ ሰፈሩ የሚጋግረው 7,400 እና ከውጭ የሚገባው 3,600፤ ወደ 11,000። ተገናኙ!

---

ሚዛን ጠባቂ · የካቲት 1፣ ከምሽቱ 3:00

ጎበዝ። ገዢዎቹ ትንንሽ ቤተሰቦች መሆናቸውን ማየትህ ትልቅ ነገር ነው። ቤት በቤት ቢሰላ 55 በመቶ ትል ነበር።

ግን ገና አታጨብጭብ። አንዱ ወገን ላይ ምግብ ቤቶች አሉ፣ በሌላው የሉም። ጋጋሪዎችህ ሱቅ ብቻ አይደለም የሚያስረክቡት፤ ሆቴልና ምሳ ቤትም ያስረክባሉ። ቤት ስታንኳኳ ግን ሰውየው ምሳውን ውጭ እንደሚበላ አልቆጠርክም። የሰፈሩ ጋጋሪዎችም ወደ ሌላ ሰፈር የሚልኩት ይኖራል። ሁለት ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ተጓትተው ቁጥሩ ሊገጥም ይችላል። በ500 ልዩነት ስለተገናኙ ብቻ ልክ ናቸው ማለት አይደለም።

ሌላው የ36ቱ ነገር ነው። የሁለቱ ዝርዝር ዘዴ የሚሠራው ሱቅ የሚያስረክብ ሰው ወፍጮ ቤት የመታወቁ ዕድል ከማንም ሰው እኩል ሲሆን ነው። አንዷ ዱቄት በኩንታል ከነጋዴ እያስመጣች በቀጥታ ለሆቴል ብትሸጥ ሁለቱም ዝርዝር ላይ የለችም። እንዲህ ያለችው ትንሽ ልትሆን አትችልም፤ ትልቅ ናት። 36ትን ወለል አድርገህ ያዘው እንጂ ጣሪያ አይደለም።

---

ወይዘሮ ምጣድ · የካቲት 2፣ ከጠዋቱ 12:40

እውነቷን ነው። እኛ ሰፈር ለሆቴል ብቻ የምታቀርብ አለች። ሱቅ አያውቃትም። ስድስት ምጣድ አላት። ማሽን ፈላጊዋ እሷ ናት።

---

የመርካቶ ልጅ · የካቲት 2፣ ከጠዋቱ 3:10

እሺ፣ አማካዩን ትቻለሁ 😅 ግን አንድ ጥያቄ። አንድ ሰፈር ቆጥረህ በ1 ሚሊዮን ቤተሰብ ማባዛት ይቻላል እንዴ? ቦሌና ጉለሌ አንድ ናቸው?

---

ሚዛን ጠባቂ · የካቲት 2፣ ከጠዋቱ 3:45

ጥሩ ጥያቄ ነው። አይቻልም። በተለይ እዚህ ገበያ ላይ። እንጀራ የሚበላው ሰው በየቦታው ነው፤ ትልልቅ ጋጋሪ ግን ኪራይ የሚረክስበት፣ ጠንካራ መስመር የሚገኝበት፣ ግቢ ያለበት ቦታ ይሰበሰባል። ሚኒባሱ ከከተማው ዳር የሚመጣው ለዚህ ነው። አንድ ምጣድ ብቻ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። አራት ምጣድ በአንዴ ለመለኮስ 14 ኪሎዋት ነው፤ ተራ የመኖሪያ ቤት መስመር አይችለውም።

ሁለት ሌላ ዓይነት ሰፈር ቁጠር። አንዱ ውድ፣ አንዱ ዳር። ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ያዝ።

---

ሞተረኛው · የካቲት 24፣ ከምሽቱ 4:05

ቆጠርኩ። ውድ ሰፈሩ 5,000 ቤተሰብ ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ምጣድ ያላቸው 2 ብቻ አገኘሁ። ከተማው ዳር ግን 4,000 ቤተሰብ ባለበት 13 አገኘሁ። ያ የሚኒባሱ ግቢም እዚያው ነው፦ 11 ምጣድ!

እንግዲህ በውድ ሰፈሩ ቁጥር ካሰላሁት ለከተማው 400 ደንበኛ፣ በዳሩ ከሆነ ከ3,000 በላይ። ሦስቱንም ስደምር 15 ሺህ ቤተሰብ፣ 22 ጋጋሪ፤ ወደ 1,500 ገደማ። ግን የከተማው ስንተኛው እጅ ዳር ነው? ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለባንኩ «ከ800 እስከ 2,000» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንዳልኩም ሦስቱን ሰፈሮች አብሬ አያይዣለሁ።

ከዚያ ደግሞ 22ቱንም በማሽኑ ፎቶና ዋጋ ዞርኳቸው። 9ኙ «እፈልጋለሁ» አሉ። ቀብድ 10 ሺህ ብር ስላቸው 3 ሆኑ። ሦስቱም ለማቡካት ብቻ የተቀጠረ ሰው ያላቸው ናቸው። አንደኛዋ ያ ሰው ለበዓል አገር ቤት ሄዶ ሁለት ሳምንት ቀርቶባት ነበር።

---

ቁጥር አልወድም · የካቲት 24፣ ከምሽቱ 4:20

3 ቀብድ? እኔ ያልኩት ሦስት ማሽን ሥራ ነበር እኮ!

---

ሞተረኛው · የካቲት 24፣ ከምሽቱ 4:26

ልዩነቱ አሁን ብረቱን የምገዛው በነሱ ብር መሆኑ ነው 😀

---

ሚዛን ጠባቂ · የካቲት 24፣ ከምሽቱ 5:00

3 ከ22 ማለት 14 በመቶ ገደማ ነው። ከ1,500 ደንበኛ 200 ያህል ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት ሳይሆን ገበያው ለምዶት እስኪያበቃ። ሦስት ሰው ላይ የቆመ ቁጥር ስለሆነ ግን 60ም ሊሆን ይችላል፣ 400ም። እንደ እውነት አትያዘው። ቀብድ ያልሰጡትን 6ቱን ተመልሰህ ምን እንደከለከላቸው ጠይቃቸው። ዋጋው ነው ወይስ ሌላ?

---

ሞተረኛው · የካቲት 25፣ ከቀኑ 6:30

አራቱ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ፦ «ሦስት ፌዝ ነው የሚፈልገው?» አዎ ስላቸው ዝም አሉ። መስመር ለማስገባት ስንት ወር እንደሚጠብቁ አንዷ አማረረችብኝ። እኔ ስለ ገበያ ስቆጥር ስለ ሞተሩ አላሰብኩም ነበር። በአንድ ፌዝ የሚሠራ አነስ ያለ ሞተር ብናደርግበት 50 ኪሎውን ወደ 30 ማውረድ ሊኖርብን ነው። ያኔ ሁለት ምጣድ ያላቸውም ይገቡ ይሆን? እትዬ፣ 30 ኪሎ ቢሆንና ዋጋው ቢቀንስ እርስዎ ያስቡበታል?

---

ወይዘሮ ምጣድ · የካቲት 25፣ ከምሽቱ 1:10

መጀመሪያ አምጥተህ እኔ ቤት አቡካበት። ዓይኑን አይቼ እነግርሃለሁ።